ድንጋዩን የሚያወርደው ማን ነው? ኡቡንቱ፣ መብትና ሁለት የደቡብ አፍሪካ ፍርዶች

አማርኛ ተናጋሪ ስለ አንድ ጎረምሳ «ተመስገን፣ ሰው ሆነ» ሲል ስለ ፍጥረቱ መናገሩ አይደለም። ልጁማ ከተወለደባት ቀን ጀምሮ ሰው ነበር። አሁን ግን ታናናሾቹን መደገፍ ጀምሯል፤ ለቅሶ መድረስ አውቋል፤ የተበደረውን ይመልሳል፤ ታላቅ ሲገባ ከመቀመጫው ይነሣል። ወላጆቹን ሜዳ ላይ የጣለ ጎልማሳ ደግሞ በተቃራኒው «እሱም ሰው ተብሎ!» ይባልለታል። ልጁን ወስዶ ከአጎቱ ዘንድ የሚያስቀምጥ አባት «ሰው አድርግልኝ» ይላል። ሰውነት እንደ ሸማ የሚሠራ፣ ጊዜና የብዙ ሰው እጅ የሚጠይቅ ነገር ነው ማለቱ ነው። ይህን ሁሉ የምንለው ፍልስፍና እየተናገርን መሆናችን ሳይታወቀን ነው።

ናይጄሪያዊው ፈላስፋ ኢፌአኒ ሜንኪቲ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው አንድ አጭር ጽሑፍ ይህንኑ የቤታችንን አነጋገር የሚመስል ሐሳብ አቅርቦ ብዙ ክርክር አስነሣ። በእሱ አባባል፣ በአፍሪካ ባህላዊ አስተሳሰብ ሰው መሆን ከልደት ጋር ተጠናቆ የሚመጣ ነገር አይደለም። ሰው በማኅበረሰቡ ውስጥ ያለበትን ግዴታ እየተወጣ፣ ደረጃ በደረጃ ይደርስበታል፤ ላይደርስበትም ይችላል። እንደ ማስረጃ ከጠቀሳቸው ነገሮች አንዱ ለቅሶ ነው። ሕፃን ሲሞት ሥርዓቱ አጭር ነው፤ ሽማግሌ ሲሞት ግን ረጅምና ከባድ ነው። ልዩነቱ ሟቹ በሰውነት መንገድ ላይ ምን ያህል እንደ ተጓዘ ያሳያል ይላል። ከዚህ ተነሥቶ፣ እንዲህ ባለው አስተሳሰብ ቀድሞ የሚመጣው ግዴታ እንጂ መብት እንዳልሆነ ይደመድማል።

የግለሰብ መብት ንድፈ ሐሳቦች ከሌላኛው ጫፍ ይነሣሉ። ከእንግሊዛዊው ፈላስፋ ከሎክም እንጀምር ከጀርመናዊው ካንት፣ መነሻው አንድ ነው፤ ሰው ከማንም ጋር ሳይቆጠር፣ ማንም ሳያጸድቅለት፣ ሊነካ የማይገባው ነገር ይዞ ይመጣል። ማኅበረሰቡ ያን ያከብራል እንጂ አይሰጠውም፤ ያልሰጠውን ደግሞ ሊነሣው አይችልም። ይህ አጥር ትልቅ ጥቅም አለው። ጉድለቱ ደግሞ በአጥሩ ውስጥ ያለው ሰው ማን እንደ ሆነ ብዙም አለመናገሩ ነው። የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ የማን ዕዳ እንዳለበት፣ ሲጎዳ ከእሱ ጋር ማን አብሮ እንደሚጎዳ አይነግረንም።

ለሜንኪቲ ጠንካራውን መልስ የሰጠው ጋናዊው ክዋሜ ጄክዬ ነው። የአካን ሕዝብም «እሱ ሰው አይደለም» የሚል አባባል አለው፤ ልክ እንደኛ። ነገር ግን፣ አለ ጄክዬ፣ እንዲህ የተባለው ክፉ ሰው ሲታመም ይታከማል፤ ሲሞት ይቀበራል፤ ማንም ተነሥቶ ሊያርደው አይፈቀድለትም። እንግዲያው «ሰው አይደለም» ማለት ጠባዩን መንቀፍ እንጂ ከሰው ተራ ማውጣት አይደለም። በግንኙነትና በተግባር የምናገኘው ክብርን፣ ማዕረግን፣ ስምን ነው። ከዚያ በታች ግን ማንም ያልሰጠንና ማንም የማይወስደው ወለል አለ። እኔ በዚህ ነገር ከጄክዬ ጋር ነኝ፤ የሜንኪቲን ጽሑፍ ይበልጥ ብወደውም።

ክርክሩ በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ብቻ ቢቀር ኖሮ ይህን ያህል ባላተትሁ። ነገር ግን በደቡብ አፍሪካ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 እና በ1996፣ በአንድ ዓመት ገደማ ልዩነት ውስጥ፣ ይኸው ሐሳብ ፍርድ ቤት ቀርቦ በሰው ሕይወትና በሰው መብት ላይ ወስኗል። የመጀመሪያው ውሳኔ የነፍሰ ገዳዮችን ሕይወት አተረፈ። ሁለተኛው የሟቾችን ቤተሰቦች ክስ ዘጋ። በሁለቱም ውስጥ ኡቡንቱ የሚለው ቃል አለ።

ኡቡንቱ በዙሉና በተዛማጅ ቋንቋዎች «ሰውነት» እንደ ማለት ነው። ከጀርባው «ኡሙንቱ ንጉሙንቱ ንጋባንቱ» የሚል አባባል አለ፤ ሰው ሰው የሚሆነው በሰዎች ነው። ቃሉ ወደ ሕግ የገባው በ1993ቱ የሽግግር ሕገ መንግሥት የመዝጊያ ክፍል ነው። በዚያ ክፍል አገሪቱ ማስተዋል እንጂ በቀል፣ ካሳ እንጂ አጸፋ፣ ኡቡንቱ እንጂ ሰለባ ማድረግ እንደማያስፈልጋት ተጽፏል። ወዲያው ተከትሎም ከፖለቲካ ዓላማ ጋር ለተያያዙ ወንጀሎች ምሕረት እንደሚሰጥ ይደነግጋል። ቃሉና ምሕረቱ ከመጀመሪያው ጎን ለጎን እንደ ተቀመጡ ልብ ይሏል። በ1996 በጸደቀው ቋሚ ሕገ መንግሥት ውስጥ ቃሉ የለም፤ በዳኞች ብዕር ግን ኖረ።

የመጀመሪያው ጉዳይ የማክዋንያኔ ጉዳይ በመባል ይታወቃል። ሁለት ተከሳሾች በአራት ግድያና በከባድ ዘረፋ ጥፋተኛ ተብለው ሞት ተፈርዶባቸው ነበር። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ውስጥ ከ300 በላይ ሰዎች በሞት ፍርደኝነት ታስረው ነበር፤ ቅጣቱ ግን ከ1990 መጀመሪያ ወዲህ አይፈጸምም። ተደራዳሪዎቹ ፖለቲከኞች በሞት ቅጣት ላይ መስማማት ስላቃታቸው የሽግግሩ ሕገ መንግሥት «ማንኛውም ሰው የሕይወት መብት አለው» ብሎ ብቻ ዝም አለ። የቀረውን ለአዲሱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ተዉት። ሰኔ 6 ቀን 1995 አሥራ አንዱም ዳኞች በአንድ ድምፅ ቅጣቱን ሻሩት፤ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸውን ምክንያት ጻፉ።

የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት አርተር ቻስካልሰን የጻፉት ዋናው ፍርድ በአብዛኛው የመብት ቋንቋ ነው። ቅጣቱ ጨካኝና ክብርን የሚያዋርድ ነው፤ ማን እንደሚሰቀል የሚወስነው ብዙ ጊዜ ድህነትና የጠበቃው ብቃት ነው፤ ወንጀለኛን የሚያስፈራው የገመዱ ነገር ሳይሆን የመያዝ ዕድሉ ነው ይላሉ። ኢቮን ሞክጎሮ፣ ፒየስ ላንጋና ሌሎች ዳኞች ግን ነገሩን ከኡቡንቱ በኩል ያዩታል። ላንጋ በዚህ ባህል የሌላው ሰው ሕይወት ቢያንስ የራስን ያህል ዋጋ እንዳለው ጻፉ። ሞክጎሮ ሕይወትንና ክብርን የአንድ ሳንቲም ሁለት ገጽ አድርገው አቀረቡ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ሰውነት በተግባር የሚገኝ ከሆነ አራት ሰው የገደለ ሰው አጥቶታል። «እሱም ሰው ተብሎ!» የምንለው ለእንዲህ ያለው አይደለምን? እንግዲያው የማኅበረሰብ ሥነ ምግባር በቀጥታ የሚወስደን ወደ ገመዱ ይመስላል። ዳኞቹ ግን ወደዚያ አልሄዱም። በእኔ አነባበብ ሁለት ነገር አደረጉ። አንደኛ፣ የጄክዬን ወለል ሳይጠሩት ወሰዱት፤ ነፍሰ ገዳዩ ክብሩን ቢጥልም ከሰው ተራ አይወጣም። ሁለተኛ፣ ጥያቄውን ከገዳዩ አንሥተው በማኅበረሰቡ ላይ አዞሩት። እያሰላ፣ ቀን ቆርጦ፣ ደመወዝ ከፍሎ የሚገድል ማኅበረሰብ ራሱ ምን ይሆናል? ሰውነት በግንኙነት የሚሠራ ከሆነ በገመዱ የሚያንሰው የታነቀው ብቻ አይደለም። ይህ ሁለተኛው ሐሳብ ከመብት ንድፈ ሐሳብ አይገኝም። የመብት ቋንቋ ተከሳሹ ምን እንደሚደርስበት በሚገባ ይናገራል፤ ገዳዩን መንግሥት ምን እንደሚደርስበት ለመናገር ግን ቃል ያጥረዋል።

ነገሩ ግን እንዲህ ለስላሳ አልነበረም። ቻስካልሰን ራሳቸው የአገሩ ሕዝብ አብዛኛው ለከባድ ግድያ የሞት ቅጣትን እንደሚደግፍ ግምት ወስደው ነው የጻፉት። የሕዝብ አስተያየት ብቻውን ሕገ መንግሥቱን አይተካም አሉ። ስለዚህ ዳኞቹ በማኅበረሰቡ እሴት ስም የማኅበረሰቡን የዚያን ጊዜ ፍላጎት ጣሉት ማለት ነው። ተቺዎች ይህን ሲያዩ ኡቡንቱ ዳኞች የፈለጉትን የሚጨምሩበት ከረጢት ነው ይላሉ። ትችቱ ከንቱ አይደለም። አልቢ ሳክስ የተባሉት ዳኛ ግን ለዚህ የሚሆን አንድ ነገር ጽፈዋል፤ የነባር ማኅበረሰቦችን የፍርድ ታሪክ አገላብጠው አዩ። በጥቅሉ፣ በሥርዓት በሚካሄደው ሸንጎ ነፍሰ ገዳይ በሞት አይቀጣም ነበር። ሰው የሚገደለው ከሸንጎ ውጭ፣ ሰዎች በአንድ ሰው ላይ «ጠንቋይ ነው» ብለው ሲነሡበት ነበር። ይህ ምርመራ በእኔ ዘንድ ከሁሉም የላቀ ነው፤ ምክንያቱም የአንድን ማኅበረሰብ ሁለት ፊት ለይቶ ያሳያል። ተቀምጦ፣ ሁሉንም ሰምቶ፣ ካሳ ቆርጦ የሚያስታርቅ ማኅበረሰብ አለ። በአንድ ሰዓት ቁጣ አንዱን ከመካከሉ አውጥቶ የሚያቃጥልም አለ። ሁለቱም «እኛ» ይላሉ።

ስለ «እኛ» ካነሣን አይቀር፣ ከዚያ በኋላ በ2004 በፖርት ኤልዛቤት የሆነውን በአጭሩ ላንሣ። 23 ሕፃናት ያሉባቸው 68 ያህል ሰዎች በግል መሬት ላይ 29 የላስቲክና የቆርቆሮ ቤቶች ሠርተው ይኖሩ ነበር። የአካባቢው ነዋሪዎች 1,600 ፊርማ አሰባስበው ማዘጋጃ ቤቱ እንዲያስነሣቸው ጠየቁ። ማኅበረሰብ ማለት ብዛት ከሆነ ጉዳዩ ያለቀ ነበር። ሳክስ በጻፉት ፍርድ ግን ማዘጋጃ ቤቱ ነዋሪዎቹን ሳያነጋግር፣ በሽምግልና ለመፍታት ሳይሞክር ማፈናቀል አይችልም ተባለ። ኡቡንቱ የግለሰብን መብት ከማኅበረሰባዊ ፍልስፍና ጋር የሚያጣምር መሆኑ የተጻፈውም በዚሁ ፍርድ ላይ ነው። በዚህ አነባበብ ማኅበረሰቡ ፊርማ የፈረመው ወገን ብቻ አይደለም፤ እንዲነሡ የተፈረደባቸውም የእሱ አካል ናቸው።

ሁለተኛው ትልቅ ጉዳይ ሌላ መልክ አለው።

ግሪፊትስ ምክሴንጌ በደርባን የሚሠራ የሰብአዊ መብት ጠበቃ ነበር። በኅዳር 1981 የአፓርታይድ ፖሊስ የግድያ ቡድን በስለት ወግቶ ገደለው። ባለቤቱ ቪክቶሪያ፣ እሷም ጠበቃ ነበረች፣ በ1985 ተገደለች። አፓርታይድ ወድቆ የዚያን ዘመን በደል የሚያጣራው የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን ሕግ በ1995 ሲወጣ፣ የግሪፊትስ ወንድም ቸርችል ምክሴንጌ፣ በ1977 በፖሊስ እጅ የሞተው የስቲቭ ቢኮ ባለቤትና ሌሎች አዛፖ ከተባለው የፖለቲካ ድርጅት ጋር ሆነው ወደ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ሄዱ። የተቃወሙት የሕጉን አንድ አንቀጽ ነው። በአንቀጹ መሠረት ወንጀሉን ሙሉ በሙሉ የተናዘዘና ዓላማው ፖለቲካዊ መሆኑን ያሳየ ሰው ምሕረት ያገኛል። ምሕረት ያገኘ ደግሞ በወንጀል አይጠየቅም፤ በፍትሐ ብሔርም ለካሳ አይከሰስም፤ መንግሥትም ስለ እሱ አይከሰስም። ከሳሾቹ የሚሉት ቀላል ነው። ሕገ መንግሥቱ ማንም ሰው ክርክሩን በፍርድ ቤት የማስወሰን መብት አለው ይላል፤ ታዲያ የእኛን በር ማን ዘጋው?

ሐምሌ 25 ቀን 1996 ፍርድ ቤቱ አንቀጹን አጸና። ዋናውን ፍርድ የጻፉት ኢስማኤል ማሆመድ ነበሩ፤ ፍርዱም ልብ የሚነካ ነው። ምሕረቱ መሠረታዊ መብቶችን እንደሚነካ አልደበቁም። ነገር ግን፣ አሉ፣ ያለ ምሕረት ገዳዮች አፋቸውን አይከፍቱም። ማስረጃው ጠፍቷል፤ ምስክሩ ሞቷል፤ ባሎቻቸውና ልጆቻቸው የት እንደ ተቀበሩ የማያውቁ ሰዎች እውነቱን የሚያገኙት በዚህ መንገድ ብቻ ነው። ያለ ምሕረት ቃል ኪዳን ወደ ዴሞክራሲ የተሻገሩበት ድልድይ ራሱ ላይሠራ ይችል ነበር። መንግሥትም ያለውን ገንዘብ ለቤት፣ ለትምህርትና ለጤና ማዋል ይችላል። የዚህ ሁሉ ማረፊያ ያው የመዝጊያ ክፍል ነበር።

ሁለቱን ፍርዶች ጎን ለጎን አስቀምጠን «መሥዋዕት የከፈለው ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ። በማክዋንያኔ ጉዳይ ኡቡንቱ እጅህን ሰብስብ ያለው መንግሥትን ነው፤ ገመድ፣ ወኅኒ ቤትና ፖሊስ ያለውን ኃይለኛውን። በምክሴንጌና በቢኮ ጉዳይ ግን ተዉ የተባሉት ባልና ወንድም የተገደለባቸው ናቸው። የማኅበረሰብ ሥነ ምግባር ጉልበት ያለውን ሲይዝ ከመብት ጋር አንድ መንገድ ይሄዳል፤ እንዲያውም ከመብት ይቀድማል። የተበደለውን መያዝ ሲጀምር ግን ስለ «እኛ» የሚናገረው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ግድ ይሆናል።

የተለመደው ትችት እዚህ ላይ ያበቃል፤ ማኅበረሰቡ ግለሰቧን ዋጣት ይላል። እኔ ግን ችግሩ ከዚያ የከፋ ይመስለኛል። ሕጉ የማኅበረሰብ ሥነ ምግባርንም በሚገባ አልተከተለም። የኮሚሽኑ ሕግ ከምሕረት ጠያቂው የሚፈልገው ሙሉ ንዛዜን ነው፤ ጸጸትን አይጠይቅም። ይቅርታ በል አይልም። ካሳ ክፈልም አይልም።

ይህን ከሽምግልናችን ጋር አስተያዩት። የበደለው ሰው በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ይመጣል። ሽማግሌዎቹ ይለምናሉ፤ ይገሥጻሉ፤ ስለ አምላክ ይላሉ። ነገር ግን ድንጋዩ የሚወርደው የተበደለው ወገን «ይቅር ብዬሃለሁ፣ አውርድ» ሲል ነው። ካሳው ይቆረጣል፤ ደም ካለበት ደሙ ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ አብሮ ይበላል። ሰውነት በግንኙነት የሚሠራ ከሆነ የተሰበረው ግንኙነት የሚጠገነው በእነዚህ እርምጃዎች ነው፤ በአዳራሽ ውስጥ ለኮሚቴ በተነገረ ዝርዝር ብቻ አይደለም። የደቡብ አፍሪካ ተጎጂዎች እንግዲህ በሁለቱም በኩል ተጎዱ። የመብቱ መንገድ፣ ማለትም ክሱ፣ ተዘጋባቸው። የማኅበረሰቡ መንገድ፣ ማለትም ድንጋዩ፣ አልመጣላቸውም።

የሆነውም ይኸው ነው። የምክሴንጌ ገዳዮች በግንቦት 1997 በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ። በነሐሴ የኮሚሽኑ የምሕረት ኮሚቴ ምሕረት ሰጣቸው፤ ፍርዱም ቀረ። የቢኮ ጉዳይ በሌላ መንገድ ሄደ። ምሕረት የጠየቁት ፖሊሶች በ1999 ተከለከሉ፤ እውነቱን አልተናገሩምና። እንግዲያው ሊከሰሱ ይገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ዐቃቤ ሕግ በቂ ማስረጃ የለኝም ብሎ ተወው። በዚያው ዓመት ለተጎጂዎች ካሳ ተብሎ ለእያንዳንዳቸው 30,000 ራንድ በአንድ ጊዜ እንዲከፈል ተወሰነ፤ ኮሚሽኑ የመከረው ግን ለስድስት ዓመታት በየዓመቱ የሚከፈል ድጎማ ነበር። ምሕረት ስላላገኙ ለክስ የተላለፉ 300 ያህል ጉዳዮች አብዛኞቹ ለዓመታት መደርደሪያ ላይ ተቀመጡ። ሁኔታዊ የተባለው ምሕረት ሁኔታውን ያላሟሉትም ሳይከሰሱ ሲቀሩ ሁኔታ አልባ ሆነ ማለት ነው። ጉዳዩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። የተጎጂ ቤተሰቦች መንግሥትን ከሰሱ፤ ፕሬዚዳንት ራማፎሳ በ2025 ክሶቹ ለምን እንደ ታፈኑ የሚያጣራ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋሙ። በዚያው ዓመት መስከረም 12 ቀን፣ ቢኮ በሞተ በ48 ዓመቱ፣ በአሟሟቱ ላይ የሚደረገው የፍርድ ቤት ምርመራ እንደገና ተከፈተ።

ይህን ሁሉ በአማርኛ መጻፌ ያለ ምክንያት አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ምሕረትን በሕገ መንግሥቷ መዝጊያ ላይ ስትጽፍ ኢትዮጵያ በዚያው ዘመን ተቃራኒውን ጻፈች። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 28 እንደሚለው የሰው ዘር ማጥፋት፣ ያለ ፍርድ መግደል፣ በአስገዳጅ ሁኔታ ሰው መሰወርና ኢሰብአዊ ድብደባ በይርጋ አይታገዱም፤ በሕግ አውጪውም ሆነ በሌላ የመንግሥት አካል በምሕረት ወይም በይቅርታ አይታለፉም። ይህ የመብት ንድፈ ሐሳብ በጠራ መልኩ ነው፤ ማኅበረሰቡ ቢስማማም፣ ሽማግሌ ቢገባም፣ በሩ ተቆልፏል። በደርግ ባለሥልጣናት ላይ የተካሄደውም ረጅም ክስ በዚህ መንፈስ ነበር።

ነገር ግን የቤታችን አነጋገር በመቆለፊያው ቀዳዳ ገባ። በእስር ላይ ለነበሩት የደርግ ባለሥልጣናት የሃይማኖት አባቶች እንደ ሽማግሌ ሆነው ይቅርታ ለማሰጠት ተነሡ። ከተጎጂ ቤተሰቦች መካከል የተቃውሞ ድምፅ ተሰማ። በ2003 ዓ.ም. የሞት ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ አንቀጽ 28 ራሱ ይህን ያህሉን ለርእሰ ብሔሩ ይፈቅዳል። የሞት ቅጣቱ በመቅረቱ እኔ በግሌ አላዝንም፤ የማክዋንያኔ ዳኞች የጻፉት አሳምኖኛል። የቆረቆረኝ ሌላ ነገር ነው። በሽምግልና ሥርዓት መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ተበደለው ቤት ነው። ቀድሞ ወደ መንግሥት ከተኬደና ተጎጂው ነገሩን ከዜና ከሰማ፣ ስሙ ሽምግልና ቢሆንም አካሄዱ ሌላ ነው።

አሁን ደግሞ አዲስ ምዕራፍ አለ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። በውስጡ ክስ፣ እውነት ማፈላለግ፣ ዕርቅ፣ ሁኔታዊ ምሕረትና ካሳ አሉ፤ ለባህላዊ የፍትሕ ሥርዓቶችም ቦታ ተሰጥቷል። የደቡብ አፍሪካው ልምድ በየስብሰባው መጠቀሱ አይቀርም፤ ብዙ ጊዜም የሚጠቀሰው የኮሚሽኑ እንባ እንጂ የመደርደሪያው አቧራ አይደለም።

ባህላዊው ሥርዓት እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ጥንካሬውንም ስንጥቁንም ያውቃል። ደም ሲደርቅ የሚታረቁት ሁለት ግለሰቦች ሳይሆኑ ሁለት ቤተ ዘመዶች ናቸው፤ ስለዚህም በቀል የሚቆረጠው ከሥሩ ነው። ገዳዩ 15 ዓመት ታስሮ ሲወጣ የሟቹ ልጅ ጠብቆ የሚመልሰውን ደም የትኛውም የእስር ቅጣት አላስቆመውም። ለዚህ ነው ዕርቅ ከወረደ በኋላ ዐቃቤ ሕግ ምስክር የሚያጣው። ትናንት ያየውን የተናገረ ዛሬ «አላየሁም» ይላል፤ እሱ ዘንድ ነገሩ አልቋልና። ይህን እንደ ወንጀል ብቻ የሚያይ ሕግ የሰዎቹን ፍትሕ አልተረዳም። ነገር ግን በአንዳንድ አካባቢዎች ይኸው ዕርቅ የሚታተመው ከገዳዩ ወገን ልጃገረድ ለሟች ወገን በመዳር ነበር። ሁለቱ ቤተ ዘመዶች ዘመድ ሆኑ፤ ግንኙነቱ ተጠገነ። ልጅቷን ግን ማንም አልጠየቃትም። ሰው በሰዎች ሰው ይሆናል በሚለው ሥርዓት ውስጥ እሷ ሰው የሆነችበት ሳይሆን ሌሎች የታረቁባት ሆነች። የጄክዬ ወለል የሚያስፈልገው እዚህ ነው፤ ዕርቁ የቱንም ያህል የሚያምር ቢሆን ከዚያ ወለል በታች ቆፍሮ የሚሠራ ዕርቅ መፈቀድ የለበትም።

ፈቃድ የሚለውም ቃል እንዲሁ ፈተና አለበት። ተጎጂዋ «እሺ» ብላለች ይባላል። በገጠር ቀበሌ ሽማግሌ ገብቶ «እምቢ» ያለች ሴት ምን እንደምትሆን አስቡ። «ሽማግሌ ረገጠች» ትባላለች። እድሩ ፊቱን ያዞርባታል፤ እሳት የሚጫጫራት ይጠፋል፤ ልጇ ሲታመም የሚሸከም ሰው አይመጣም። በግንኙነት ለምትኖር ሴት እምቢታ ማለት ራሷን ከሰው ተራ ማውጣት ነው። ስለዚህ እሺታዋ ብቻውን ምንም አያስረዳም። እሺታዋ የሚታመነው እምቢ ብትልም ኖሮ አብራ መኖር የምትችል ሲሆን ነው።

ይህ በሥርዓት ሊደረግ የማይችል ነገር አይደለም። ጉዳዩን የሚይዘው ኮሚሽን ሽማግሌዎቹ ከመቀመጣቸው በፊት፣ ዘመድ በሌለበት፣ ሴት ከሆነች በሴት በኩል፣ ተጎጂዋን ለብቻዋ ሊጠይቃት ይችላል። እምቢ ካለች ለሸንጎው የሚነገረው «እሷ አልፈቀደችም» ተብሎ ሳይሆን «ሕጉ አልፈቀደም» ተብሎ ሊሆን ይችላል። ቁጣውን ሕጉ ይሸከመው፤ ትከሻው ሰፊ ነው። በዳዩ ምሕረት ከመጠየቁ በፊት ድንጋዩን ተሸክሞ ወደ ቤቷ ደጃፍ መምጣቱ፣ ካሳውን መክፈሉ፣ አስከሬኑ የት እንዳለ ማሳየቱ በመዝገብ ሊጻፍ ይችላል። ያልመጣውም ሰው መዝገቡ ተከፍቶ እንዲቆይ፣ ቀኑም ተቆርጦ ዐቃቤ ሕግ እጅ እንዲገባ ማድረግ ይቻላል፤ የደቡብ አፍሪካ 300 መዝገቦች የተጣሉት እዚህኛው ደረጃ ላይ ነውና።